ከፎቶ የተተረጎመ አንድ የማንጋ ገጽ፦ የንባብ ቅደም ተከተል፣ የድምፅ ቃላትና የጠበበ አረፋ

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው አንድን ገጽ ብቻ ነው። ገጹ አንዲት ጃፓናዊት ሠዓሊ ራሷ ካሳተመችው አጭር ማንጋ፣ ማለትም በጃፓን ስልት ከተሣለ የሥዕል ታሪክ፣ የተወሰደ ሲሆን፣ የሥዕሉ ዋና ፋይል ስለጠፋ በእጇ የቀረው የታተመው ቅጂ ብቻ ነበር። ሠዓሊዋ ታሪኩ ወደ አማርኛ እንዲመለስ ፈቅዳ፣ ለናሙና ያህል አንዱን ገጽ በስልኳ ካሜራ አንስታ ላከችልን። ስለዚህ ሥራው የጀመረው ከንጹሕ ፋይል ሳይሆን ጠርዙ ከጎበጠ፣ ግማሽ ጎኑ ጥላ ካረፈበትና ወረቀቱ ግራጫ ሆኖ ከሚታይ ፎቶ ነው። የእኛ ድርሻ ጽሑፉን ማንበብ፣ መተርጎምና አማርኛውን እዚያው ሥዕሉ ላይ መልሶ ማስቀመጥ ነበር።

የገጹ ታሪክ አጭር ነው። ዶፍ በሚወርድበት ሌሊት አንዲት ልጅና ታናሽ ወንድሟ ቤት ውስጥ ሆነው አባታቸውን ይጠብቃሉ፤ በር ይመታል፤ ልጁ አባቱ የመጣ መስሎት ይነሣል፤ እኅቱ ድምፁ የአባታቸው አለመሆኑን ለይታ ታስቆመዋለች። ገጹ በ6 ፍሬሞች የተከፈለ ነው። ከላይ ሁለት ፍሬሞች ጎን ለጎን አሉ፤ መካከል ላይ በቀኝ በኩል በሩን የሚያሳይ አንድ ረጅም ፍሬም፣ በግራው ደግሞ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረቡ ሁለት አነስተኛ ፍሬሞች ይገኛሉ፤ ከታች አንድ ሰፊ ፍሬም ገጹን ይዘጋል።

ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ይህን ደንብ ማወቅ ብቻውን ግን እንዲህ ያለውን ገጽ አያስነብብም፤ ምክንያቱም መካከለኛውን ክፍል አንባቢው በሁለት መንገድ ሊከተለው ይችላል። ትክክለኛው አካሄድ ረጅሙን የበር ፍሬም መጀመሪያ አንብቦ ወደ ግራ መሻገርና ሁለቱን ተደራራቢ ፍሬሞች ከላይ ወደ ታች መከተል ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በፍሬሞቹ መካከል ያለው ነጭ ክፍተት ነው። በአብዛኞቹ ማንጋዎች እንደሚታየው እዚህም ረድፍን ከረድፍ የሚለየው አግድም ክፍተት ሰፊ፣ በአንድ ረድፍ ውስጥ ያሉትን ፍሬሞች የሚለየው ቁም ክፍተት ግን ጠባብ ነው። የበሩ ፍሬም ከሁለቱ የግራ ፍሬሞች ጋር በጠባብ ክፍተት የተያያዘ፣ ከላዩና ከታቹ ግን በሰፊ ክፍተት የተነጠለ ስለሆነ ሦስቱ አንድ ረድፍ መሆናቸው በማያሻማ ሁኔታ ይታወቃል። ፎቶው በሰያፍ የተነሣ ከሆነ ይህ የስፋት ልዩነት ሊጠፋ ይችላልና፣ ቅደም ተከተሉን ከመወሰን በፊት የገጹን አራት ማእዘኖች ይዞ ምስሉን ወደ ቀጥተኛ አራት ማእዘን መመለስ ይገባል።

ለአማርኛ አንባቢ አደጋው የቱ ላይ እንደሆነ ለማየት ረድፉን በለመደው መንገድ፣ ከግራ ጀምሮ እናንብበው። ልጁ «አባዬ ነው!» ይላል፤ እኅቱ «ቆይ፣ ድምፁ ሌላ ነው» ትለዋለች፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይመታል። ይህ አነባበብ ወዲያውኑ ትርጉም አልባ አይመስልም፤ ስሕተቱ የተደበቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም ልጅቷ ገና ያልተሰማን ድምፅ ከአባቷ ድምፅ ጋር ስታነጻጽር ትገኛለች። ቅደም ተከተል መዛባቱን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ምልክት አላገኘንም፦ አንድ ተናጋሪ ገና ያልታየውን ወይም ያልተሰማውን ነገር እንደሚታወቅ አድርጎ ከጠቀሰ፣ ንግግር ከሚጻፍባቸው አረፋዎች አንዱ ያለ ተራው ተነብቧል ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ከጃፓንኛ ወደ አማርኛ ሲተረጎም የባሰ ክብደት አለው። ጃፓንኛ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ብዙውን ጊዜ አይጠራም፤ ግሡም ጾታን አያሳይም። በሁለተኛው ፍሬም ያለው የመጀመሪያው አረፋ ቃል በቃል ሲታይ «እስካሁን ነቅቶ መሆን?» ከሚል ያልተለየ ጥያቄ አይዘልም፤ ማን ማንን እንደጠየቀ የሚናገረው ጽሑፉ ሳይሆን ወደ ተናጋሪው የሚያመለክተው የአረፋው ጅራት ነው። አማርኛ ግን «አልተኛህም» ወይም «አልተኛሽም» ሳይል ማለፍ አይችልም። ስለዚህ የአረፋውን ባለቤት የሳተ ተርጓሚ ስሕተቱን በግሡ ላይ ያትመዋል፤ አንባቢውም ሊጠረጥርበት የሚችለው ክፍተት አይቀርለትም። በዚህ የተነሣ አንዲት ቃል ከመተርጎማችን በፊት እያንዳንዱን አረፋ በፍሬሙና በተራው ቆጥረን፣ ተናጋሪውንና ተነጋሪውን ጽፈን፣ ጅራቱ የማይታየውን ለብቻው ምልክት አድርገንበታል።

ጅራቱ የማይታየው አንድ አረፋ ብቻ ነበር፤ እሱም በበሩ ፍሬም ውስጥ ያለው «ክፈት» የሚል ሻካራ ትእዛዝ ነው። ማንጋ የሚጠረዘው በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ግራ ላይ የሚውል ገጽ ጥራዙ የሚያርፈው በገጹ ቀኝ ጎን፣ ማለትም ንባቡ በሚጀምርበት በኩል ነው። የበሩ ፍሬም በዚያ ወገን ስለነበር የአረፋው ጅራት ወደ ጥራዙ ጥላ ገብቶ ጠፍቷል። በሩ ላይ በትልልቁ የተሳለው የድምፅ ቃልም ቀኝ ጠርዙ በዚያው ጥላ ተውጧል።

ጠቅላላ ጉዳዩ የዞረው በዚህ የድምፅ ቃል ላይ ነው። ከመጀመሪያው ፎቶ የተነበበው «ቶን ቶን» የሚል ሲሆን፣ ይህ በጃፓንኛ ቀለል ያለ፣ ጨዋ አንኳኳት ነው። በካታካና ፊደል «ቶ» ወደ «ዶ» የሚለወጠው ከፊደሉ ቀኝ ራስጌ ላይ በሚጨመሩ ሁለት አጫጭር ጭረቶች ነው፤ «ዶን ዶን» ደግሞ በቡጢ የሚደበደብ በር ድምፅ ነው። አማርኛም ይህን ልዩነት በራሱ መንገድ ያውቀዋል፤ ጠብታ ጠብ ሲል ከባዱ ነገር ዱብ ይላል። ጭረቶቹ የሚቀመጡት ከፊደሉ በስተቀኝ፣ ጥላውም የነበረው በስተቀኝ ስለሆነ፣ ፎቶው የደበቀው ፊደሉን ሳይሆን የፊደሉን ክብደት ነበር።

ንባቡን አጠራጣሪ ያደረገው ከፊደሉ ውጪ ያለው ማስረጃ ነው። የአረፋው ዙሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ ነበር፤ በበሩ ሳንቃ ዙሪያ የመንቀጥቀጥ መስመሮች ተሥለዋል፤ ንግግሩም «ክፈት» የሚል እንጂ «ክፈቱልኝ» የሚል ልመና አልነበረም። ቀስ ብሎ የሚያንኳኳ ሰው እንዲህ አይሣልም። ስለዚህ ሠዓሊዋ ገጹን በንጹሕ መስታወት ተጭና፣ ብርሃኑ ከጥራዙ ተቃራኒ ሳይሆን ከላይ በእኩል እንዲያርፍ አድርጋ፣ ካሜራውን ራቅ አድርጋ በማጉላት ዳግም እንድታነሣው ጠየቅናት። ከቅርብ የተነሣ ፎቶ የገጹን መሐል አጉልቶ ጠርዙን ያኮራምታል፤ ከራቅ ያለ ቦታ በማጉላት የተነሣው ግን ገጹን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። በሁለተኛው ፎቶ ሁለቱም ጭረቶች ታዩ፤ ጅራቱም ከበሩ ስንጥቅ ወደ ውጭ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ «ክፈት» የሚለው ራሱ ሌላ ውሳኔ ጠየቀ። የጃፓንኛው ትእዛዝ ለአንድም ለብዙም፣ ለሴትም ለወንድም ያው ነው፤ አማርኛው ግን ክፈት፣ ክፈቺ ወይም ክፈቱ ማለት አለበት። ከውጭ ያለው ሰው በቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቅ ከሆነ ምርጫው ታሪኩን አስቀድሞ ያጋልጣል። ሠዓሊዋ ሰውየው እንደማያውቅ ስለነገረችን «ክፈቱ!» አልነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ለደራሲው ሊቀርብ የሚችል ካልሆነ፣ የብዙ ቁጥሩ ከሦስቱ ሁሉ ትንሹን የሚናገር ስለሆነ እሱን መምረጥ ይሻላል።

በአረፋዎቹ ውስጥ ያለውን የታተመ ጽሑፍ ለማንበብ ፊደል አንባቢ ፕሮግራም ተጠቅመናል። ገጹ 18.2 በ25.7 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ፎቶው ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 14 ፒክስል ገደማ ይሰጣል። በዚህ መጠን 3 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው ዋናው ፊደል በቂ ዝርዝር አለው፤ ካንጂ ከሚባሉት ከቻይና ከመጡት ፊደላት ጎን ንባባቸውን ለማሳየት የሚጻፉት ረቂቅ ፊደላት ግን ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይበልጡ ፕሮግራሙ እነዚህን እንደ ራሱን የቻለ ዐምድ ቆጥሮ ከዋናው ጽሑፍ ጋር ይደባልቃቸዋል። መፍትሔው እያንዳንዱን አረፋ ለብቻው ቆርጦ፣ ረቂቆቹን ፊደላት በነጭ ሸፍኖ፣ ጽሑፉ ቁም መሆኑን ለፕሮግራሙ መንገር ነው፦

```
tesseract b2-1.png b2-1 -l jpn_vert --psm 5
```

የተሸፈኑት ረቂቅ ፊደላት ግን አይጣሉም። አንዳንድ ጊዜ ሠዓሊ በካንጂው አንድ ነገር ጽፎ በጎኑ ሌላ ንባብ ስለሚሰጥ በዓይን መነበብ አለባቸው። በሥዕሉ ውስጥ በእጅ የተሳሉትን የድምፅ ቃላትማ ፕሮግራሙ ከነጭራሹ አያነብባቸውም፤ እነሱ የሰው ሥራ ናቸው።

ትርጉሙን አረፋ ውስጥ ማስገባት ሲጀመር ችግሩ መልኩን ይለውጣል። የማንጋ አረፋ የተሠራው ከላይ ወደ ታች ለሚወርድ ጽሑፍ ስለሆነ ረጅምና ጠባብ ነው። የመጀመሪያው አረፋ 45 ሚሊ ሜትር ቁመትና 16 ሚሊ ሜትር ወርድ ነበረው፤ በጠርዙ ዙሪያ መተው ያለበት ባዶ ቦታ ሲቀነስ ለጽሑፍ የሚቀረው ወርድ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የግእዝ ፊደል በ8 ነጥብ የፊደል መጠን ሲጻፍ አንዱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይወስዳልና፣ በአረፋው ወገብ ላይ 6 ፊደል፣ በራሱና በእግሩ ግን ከ3 ወይም ከ4 የበለጠ አይገባም። ከ8 ነጥብ በታች መውረድ ደግሞ አይገባም፤ የሳድሱና የሌሎቹ ዘሮች ልዩነት ያለው በትንንሽ ቀለበቶችና ጭረቶች ላይ ስለሆነ፣ ደብዘዝ ባለ ፎቶ ላይ እነሱ ይጠፋሉ።

ቁመት ተትረፍርፏል፤ የጠበበው ወርድ ነው። አማርኛ ደግሞ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን ሁሉ በአንድ ግሥ ላይ ይጭናል፤ «አልተመለሰችም» ብቻውን 8 ፊደል ነው። ከዚህም በላይ ግሡ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሆነ ረጅሙ ቃል የሚያርፈው አረፋው ወደ እግሩ በሚጠብበት ቦታ ላይ ነው። የእንቁላል ቅርጽ ላለው አረፋ ከዚህ የከፋ አጋጣሚ የለም። በጥንት የብራና ጽሑፎች ቃላትን የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለነበር ጸሐፊው ቃሉን የትም ላይ ቆርጦ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገር ነበር፤ ዛሬ ቃላትን የምንለየው በባዶ ቦታ ስለሆነ፣ በ5 ፊደል መስመር ላይ የተቆረጠ ቃል ሁለት ቃል መስሎ ይነበባል። እኔ በአረፋ ውስጥ ቃል መቁረጥን አልፈቅድም፤ ዓረፍተ ነገሩን መለወጥ ይሻላል።

የንግግር አማርኛ ለዚህ በቂ መላ አለው። ከግሥ በኋላ የምትመጣ አጭር ቃል ግሡን ወደ አረፋው ወገብ ከፍ ታደርገዋለች። የመጀመሪያው አረፋ በዚህ መንገድ «እስካሁን / አልተኛህም / እንዴ?» ሆኖ በሦስት መስመር ተቀመጠ፤ ረጅሙ መካከል ላይ፣ አጭሩ ከታች ውሏል። የእኅትየው ሁለተኛ ንግግር በቀጭን አንገት በተያያዙ ሁለት አረፋዎች የተከፈለ ነበርና፣ ላይኛው «አባዬ»፣ ታችኛው «ቆየ እኮ» ተባለ። በአምስተኛው ፍሬም «የእሱ ድምፅ አይደለም» ከማለት «ድምፁ ሌላ ነው» የተመረጠው በትርጉም ብቻ አይደለም፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ነው» ሁለት ፊደል ስለሆነ የአረፋውን እግር አይገፋም። በመጨረሻው ፍሬም እኅትየው የምታንሾካሽከው ቃል የመጀመሪያ ትርጉሙ «እንዳትንቀሳቀስ» ነበር፤ 9 ፊደል ያለው አንድ ቃል በየትኛውም ስልት ወደዚያ አረፋ አይገባም። «ንቅንቅ / እንዳትል» ግን 4 እና 5 ፊደል ሆኖ ገባ፤ ፍርሃቱንም የበለጠ ይናገራል።

በሁለተኛው ፍሬም ውስጥ የሁለቱ ልጆች አረፋዎች ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ፣ በስተቀኝ ያለው ጥያቄ ከመነበቡ በፊት በስተግራ ያለው «ዝናቡ መች ያስተኛል!» የሚለው መልስ ሊነበብ ይችል ነበር። አረፋዎቹን ማንቀሳቀስ ሥዕሉን መንካት ስለሆነ ጽሑፉን ብቻ አንቀሳቀስን፤ በቀኙ አረፋ ውስጥ ያሉትን መስመሮች ወደ ላይ፣ በግራው ያሉትን ወደ ታች ጥቂት ሚሊ ሜትር ገፋናቸው። ቁመቱ የተረፈ አረፋ ይህን ያለ ችግር ይቀበላል፤ ዓይንም ከፍ ያለውን ጽሑፍ አስቀድሞ ይይዛል።

ጠቅላላ ገጹን እንደ መስታወት ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲነበብ ማድረግ ይቻል ነበር። በእንግሊዝኛ ትርጉሞች ዘንድ ይህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተለመደ አሠራር ነበር፤ ኋላ ግን በአብዛኛው ተትቷል። በዚህ ገጽ ግድግዳው ላይ 9 ሰዓትን የሚያሳይ ሰዓት ተሥሏል፤ ቢገለበጥ 3 ሰዓት ይሆናል። ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙት ልጆችም ግራኝ ይሆናሉ። ገጹን ሳንገለብጥ ትተን ከላይኛው ቀኝ ማእዘን ውጪ፣ በኅዳጉ ላይ፣ ወደ ግራ የሚያመለክት ትንሽ ቀስት አደረግን።

የድምፅ ቃላቱ ሦስት ሲሆኑ አያያዛቸው የተለያየ ነበር፤ የወሰነውም ከስራቸው ያለው ሥዕል ነው። የዝናቡ ቃል የተሳለው በነጥብ ጥላና በዝናብ መስመሮች ላይ ስለሆነ እሱን ማጥፋት ማለት ከስሩ ያለውን ሥዕል እንደ አዲስ መሣል ነው። የታተመ የነጥብ ጥላ በፎቶ ላይ ሲስተካከል ደግሞ ማዕበል የመሰለ ጥለት ያወጣል፤ የተጠገነው ቦታ ከሩቅ ያስታውቃል። ስለዚህ ጃፓንኛውን እንዳለ ትተን ከጎኑ በትንሹ «ሿ…» ጻፍን። የበሩ ሳንቃ ግን ነጭ ሜዳ ስለነበር ቃሉን አጥፍተን «ድው! ድው!» የሚለውን እየተወላገደ በሚወርድ ወፍራም ፊደል ተካነው። በዚህ ጊዜ ማስታወስ የሚገባው፣ በፎቶ ላይ ያለ ነጭ ወረቀት ነጭ አለመሆኑን ነው። አንድ ወገኑ ከሌላው ይጠቁራል፤ በፍጹም ነጭ የተሸፈነ ቦታ እንደ ልጥፍ ይታያል። ማጥፋት ከመጀመሩ በፊት የገጹን ብርሃን ማመጣጠን፣ ከዚያም በቦታው አጠገብ ያለውን ቀለም ወስዶ መሸፈን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቃል የዝምታ ቃል ነው። ጃፓንኛ ድምፅ አለመኖሩንም በድምፅ ቃል ይጽፋል፤ አማርኛም «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚሄዱ እንዲህ ያሉ ቃላት ሞልተውታል፤ ከሥዕል ጋር ሲጻፉም «አለ»ን ጥለው ብቻቸውን ሊቆሙ ይችላሉ። «ጸጥ» መጀመሪያ የሚመጣ ቃል ነው፤ ነገር ግን ከሚያንሾካሽክ ሰው አጠገብ ሲጻፍ ዝም እንዲሉ የተሰጠ ትእዛዝ ይመስላልና አንባቢው የልጅቷ ንግግር አድርጎ ያነብበዋል። «ጭር» ሰው የተለየውን ቦታ ያሳስባል፤ እዚህ ግን በበሩ ወዲያም ወዲህም ሰው አለ። የሌሊት ዝምታን በትክክል የሚይዘው «እርጭ» ሆኖ ስላገኘነው ሦስቱን ፊደላት በሰፊው ፍሬም ላይ አራርቀን፣ በቀጭን ጽሕፈት አስቀመጥናቸው። ጃፓንኛው ዝምታውን የሚያረዝመው በሰረዝ ነው፤ እኛ ያረዘምነው በፊደላቱ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ነው።

የተጠናቀቀውን ገጽ ታሪኩን ለማያውቁ ሦስት አንባቢዎች ሰጥተን፣ የሚያነቡበትን ተራ በእርሳስ በአረፋዎቹ ላይ እንዲቆጥሩ አደረግን። ሁለቱ ያለ ችግር ተከተሉት። ሦስተኛዋ ቀስቱን አይታ ከቀኝ ብትጀምርም መካከለኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ወደ ግራው ላይኛ ፍሬም ዘልላ «አባዬ ነው!» የሚለውን አስቀደመች። ምክንያቷን ስንጠይቃት፣ ከሁለተኛው ፍሬም ወርዳ በቀጥታ ከስሩ ወዳለው እንደሄደች ነገረችን፤ ሁለተኛው ፍሬም በስተግራ ስለሚያልቅ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ለዚህ ያደረግነው «ድው!» ከሚሉት ሁለት ቃላት የመጀመሪያውን ወደ ላይ ከፍ አድርገን ከፍሬሙ ራስ ጥቂት እንዲወጣ፣ ሰፊውን ነጭ ክፍተት እንዲነካ ማድረግ ነው። ከሁለተኛው ፍሬም የሚወርድ ዓይን ክፍተቱ ላይ ጥቁሩን ፊደል አግኝቶ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ሠዓሊዋ በዋናው ሥዕል ቃሉን ከፍሬሙ ስላላወጣችው ለውጡ እንዲቀር ወይም እንዲጸድቅ ሁለቱንም ቅጂዎች ላክንላት፤ የወጣውን መርጣለች።